የራዲያተራችን ሴፍቲ ቫልቭ ያንጠባጥባል፣ ጌጁ ሽቅብ ይወጣል (ደሴ)

ሆጤ_ፔንሲዮን
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ትንሽ የቤተሰብ ፔንሲዮን አለን። ባለ ሁለት ፎቅ ናት። ምድር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 24 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ቦይለር ውሃ እያሞቀ ወደ ክፍሎቹ ራዲያተሮች ይልካል። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ያለሱ እንግዳ አይቀመጥም።

አሁን የቸገረኝ እንዲህ ነው። ጠዋት ቦይለሩ ሳይነሳ ጌጁ 1.2 ባር ላይ ነው። እንደበራ መርፌው ሽቅብ ይሮጣል። ውሃው ገና 40 ዲግሪ አካባቢ እያለ 3 ባር ይደርስና ከቦይለሩ ስር ባለችው ቀይ እጀታ ቫልቭ በኩል ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፣ አንዳንዴም ይፈሳል። ማታ አጥፍተነው ሲያድር ደግሞ ጠዋት ጌጁ 0.3 ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ቦይለሩም «ፕሬዠር የለም» ብሎ አይነሳም። ሠራተኛዋ የመሙያውን ቧንቧ ከፍታ 1.2 ታደርሰዋለች። ከዚያ ያው ነው፣ እንደገና ይንጠባጠባል።

ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ነበር። ቫልቩ ተበላሽቷል ብሎ በአዲስ ቀየረው። ገንዘባችን ሄደ፣ ውሃው ግን እንደ ድሮው ነው። ይሄ ነገር ከምንድን ነው?

የሮቢት_ልጅ
ወንድሜ ችግሩ ቀላል ነው። 3 ባር የሚለው ቫልቭ ደካማ ነው፣ ትንሽ ሲሞቅ ይከፍታል። ባለ 6 ባሩን ግዛና ግጠምለት። እኔ አንድ ካፌ ውስጥ የቡና ማሽን ላይ እንደዛ አድርጌ እስካሁን ጠብታ የለም።

አባ_ሳራቺኔስካ
ኧረ ተው! ይሄን ምክር ማንም እንዳይሰማ።

ያ ቫልቭ 3 ባር የተባለው ቦይለሩ ራሱ የሚችለው 3 ስለሆነ ነው። ቦይለሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ታርጋ ብታነቡት ከፍተኛው ግፊት ተጽፏል። 6 ባር ስትገጥሙለት ጠብታው ይቆማል፣ እውነት ነው። ግፊቱ ግን አልቆመም። ቀጥሎ የሚፈነዳው የቦይለሩ ሆድ ወይም ደካማ የራዲያተር ስፌት ነው፣ ያውም በ70 ዲግሪ ውሃ። አፉን በታፓ መዝጋትም ያው ነው። ይህን ያደረጉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ዕድለኞች ስለነበሩ ነው የተረፉት።

አዲስ ቫልቭ ተገጥሞም ያው ከሆነ ቫልቩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ግፊቱን የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። እስቲ ሦስት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ጌጁ የሚወጣው ሲሞቅ ብቻ ነው ወይስ ቀዝቃዛም እያለ ይወጣል? ሁለተኛ፣ ኤክስፓንሽን ታንኩ የት ነው? ቀይ ድስት የሚመስል ነገር ውጭ ታያለህ ወይስ ቦይለሩ ውስጥ ነው? ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ሲገጠም ጀምሮ እንዲህ ነበር ወይስ ቆይቶ የመጣ ነው?

ሀረጎ_ቁልቁለት
እኔም እዚህ ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። የሻወር ቦይለሬ 80 ሊትር ነው። ባበራሁት ቁጥር ከስሩ ይንጠባጠባል። ቴርሞስታቱን ቀንሼው ትንሽ ቀነሰ። አንተም ቴርሞስታቱን ቀንሰው፣ ይስተካከላል።

ሆጤ_ፔንሲዮን
እህት ነኝ 😄 ግን ችግር የለም።

ጋሼ፣ ለጥያቄዎ፦ በዋናነት ሲሞቅ ነው የሚወጣው። ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፣ እንዲያውም ከሚገባው በታች ይወርዳል። ታንክ የሚባል ነገር ውጭ አላየሁም። ቦይለሩን የገጠመልን ልጅ በስልክ ጠይቄው «ውስጡ 8 ሊትር አለው» አለኝ። ሲገጠም ጤነኛ ነበር። ያኔ ግን የምድር ቤቱ ክፍሎች ብቻ ነበሩ ራዲያተር ያላቸው። በኋላ ነው ፎቆቹን የጨመርነው።

ሀረጎ፣ የኔ የሻወር አይደለም፣ ዝግ ሆኖ የሚዞር ውሃ ነው። ቴርሞስታቱን ከቀነስኩት እንግዶቼ ብርድ ልብስ ሊጠይቁኝ ነው።

አባ_ሳራቺኔስካ
ይቅርታ ልጄ፣ አንቺ ልበልሽ እንግዲህ።

ነገሩ ግልጽ እየሆነ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ10 ዲግሪ ተነስቶ 75 ሲደርስ በመቶ ሊትር ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራል። የናንተ መስመር ዝግ ነው፣ ውሃውም አይታመቅም። ስለዚህ ያ ትርፍ ውሃ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ቦታው ኤክስፓንሽን ታንኩ ነው። ታንኩ መሃሉ ላይ ጎማ አለው። በአንድ በኩል የመስመሩ ውሃ፣ በሌላ በኩል አየር። ውሃው ሲሰፋ ጎማውን ይገፋል፣ አየሩ ይታመቃል፣ ጌጁ በቀስታ ከፍ ይላል። ሲቀዘቅዝ አየሩ ውሃውን መልሶ ይገፋዋል።

አየሩ ካለቀ ታንኩ በውሃ ይሞላል። ያን ጊዜ ታንክ እንደሌለሽ ቁጠሪው። መርፌው ገና በ40 ዲግሪ 3 ላይ መድረሱ የዚህ ምልክት ነው። ትርፉ ውሃ በሴፍቲ ቫልቩ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ የወጣው ውሃ ስለሌለ ግፊቱ ይወድቃል። ሠራተኛዋ ትሞላለች፣ እንደገና ሲሞቅ ያ የተሞላው ይወጣል። ማለቂያ የለውም።

በየቀኑ አዲስ ውሃ መግባቱ ሌላም ጣጣ አለው። አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል። አንድ ራዲያተር ስታስተነፍሺ ጥቁር ውሃ ከወጣ ዝገቱ ጀምሯል።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ታንኩ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለች የንፋስ አፍ አለች፣ ክዳኗን ፍቺ። መሃሏ ያለችውን እሾህ በቢላ ጫፍ ለአፍታ ተጫኛት። ንፋስ ከወጣ ደህና፣ አየር አለ፣ ግን ልኩን አናውቅም። ምንም ካልወጣ አየሩ አልቋል። ውሃ ከወጣ ጎማው ተቀዷል፣ ታንኩ ይቀየራል፣ ሌላ መላ የለውም።

ቅዝቃዜ_ሰለቸኝ
በደሴ ራዲያተር ያለው ፔንሲዮን አለ እንዴ? እኛ እኮ ከሰል ነው የምናውቀው። ዋጋው ስንት ነው ለአዳር?

ሆጤ_ፔንሲዮን
ቅዝቃዜ፣ መጥተህ እይ፣ ግን መጀመሪያ ይህን እንጨርስ።

ጋሼ፣ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ የቦይለሩን ሽፋን ከወንድሜ ጋር ከፈትነው። ታንኩ ከኋላ ተጣብቋል፣ ጠፍጣፋ ቀይ ነገር። አፏን አገኘናት። ስንጫናት ምንም። ንፋስም ውሃም የለም።

የሮቢት_ልጅ
እሺ ታንኩ ነው። ቀላል ነው፣ ጎሚስታ ጥሪና ይንፋልሽ። 30 ይሙላ፣ እንደ መኪና ጎማ።

አባ_ሳራቺኔስካ
የሮቢት ልጅ አሁን ግማሹን አገኘኸው። መንፋት አዎ፣ 30 ግን አይደለም። 30 ፒኤስአይ ከ2 ባር በላይ ነው። በ2 ባር አየር የተወጠረ ታንክ፣ መስመሩ ውስጥ ያለው 1.2 ባር ውሃ ሊገባበት አይችልም። ጌጁ 2 እስኪያልፍ ድረስ ታንኩ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ልኩ የሚወጣው ከቤቱ ቁመት ነው። ከታንኩ እስከ መጨረሻው ፎቅ ራዲያተር አናት ድረስ ስንት ሜትር ነው? 10 ሜትር ውሃ 1 ባር ይጫናል። በዚያ ላይ 0.3 ያህል ይጨመራል፣ የላይኛው ራዲያተር አየር እንዳይስብ።

አነፋፉ ላይ ግን አብዛኛው ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። በውሃው በኩል ግፊት እያለ ብትነፊ ጌጅሽ የሚያነበው የታንኩን አየር ሳይሆን የውሃውን ግፊት ነው። ስለዚህ ማብሪያው ይጥፋ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ፣ የቦይለሩ መግቢያና መውጫ ሳራቺኔስካዎች ይዘጉ፣ የቦይለሩ ማፍሰሻ ይከፈት። ማፍሰሻውን ክፍት እንደተወሽ ንፊ። አየሩ ሲገባ ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በማፍሰሻው ይወጣል። ውሃው መውጣቱን ሲያቆምና የአየሩ ግፊት ልኩ ላይ ሲረጋ አቁሚ። ትንሽ ቆይተሽ እንደገና ለኪው። ከዚያ ማፍሰሻውን ዝጊ፣ ሳራቺኔስካዎቹን ክፈቺ፣ ውሃ ሙዪ።

የጎሚስታው ጌጅ ለአይሱዙ ጎማ የተሠራ ነው፣ ታች ታች ላይ ልኩ አይታመንም። የብስክሌት መንፊያና ትንሽ ጌጅ ይሻልሻል።

ሆጤ_ፔንሲዮን
ከቦይለሩ እስከ ላይኛው ራዲያተር በገመድ ለካነው፣ 7 ሜትር ነው። ስለዚህ 0.7 ሲደመር 0.3፣ 1 ባር ማለት ነው?

አባ_ሳራቺኔስካ
ትክክል። አየሩ 1 ባር ይሁን። ውሃውን ስትሞዪ ቀዝቃዛ እያለ 1.3 አድርሺው። ያቺ የ0.3 ልዩነት ታንኩ ውስጥ ትንሽ ውሃ ታስቀምጣለች፣ ለክፉ ቀን ትሆናለች።

የልኬት_ወዳጅ
ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። እህታችን መጀመሪያ የምድር ቤቱ ብቻ ነበር ብላለች። 8 ሊትሩ ታንክ ለዚያ ነበር። አሁን መስመሩ ስንት ሊትር ውሃ ይይዛል? ይህን ሳናውቅ ነፍተን «ተፈታ» ብንል ነገ ይመለሳል።

ሆጤ_ፔንሲዮን
ነፋነው! እንደተባለው ማፍሰሻውን ክፍት ትተን። መጀመሪያ ብዙ ጥቁር ውሃ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። 1 ባር ላይ ረጋ። ሞልተን 1.3 አደረግነው።

ዛሬ ስናበራው ትልቅ ለውጥ አለ። መርፌው እንደ ድሮው አይሮጥም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ግን የልኬት ወዳጅ የፈራው ነገር ደርሷል መሰለኝ። 50 ዲግሪ ላይ ጌጁ 2.7 አካባቢ ነበር። 55 ሳይደርስ ጠብታው ጀመረ።

ስለ ሊትሩ፣ ፎቆቹ የተጨመሩ ጊዜ ከተማው ውሃ ስላልነበረው መስመሩን በጀሪካን ነው የሞላነው። ወንድሜ 12 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንደገባ ያስታውሳል።

የልኬት_ወዳጅ
በጣም ጥሩ መረጃ። 12 ጀሪካን 240 ሊትር ነው። ከ10 እስከ 75 ዲግሪ ሲሞቅ 6 ሊትር አካባቢ ይጨምራል።

አሁን ታንኩ ስንት መቀበል እንደሚችል እንይ። እዚህ ላይ የሚቆጠረው የአየሩ ሙሉ ግፊት ነው፣ ጌጁ የሚያሳየው ብቻ አይደለም። ጌጁ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ነው የሚናገረው። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ጌጁ ላይ 1 ይደምራል። ደሴ ግን 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ የውጭው አየር 0.75 ባር ያህል ነው። እኛ 0.75 ነው የምንደምረው።

ታንኩ ውስጥ በጌጅ 1 የነበረው አየር 1.75 ነበር፣ በ3 ባር ደግሞ 3.75 ይሆናል። 8 ሊትር አየር ወደ 3.7 ሊትር ይታመቃል። ማለት በጠቅላላ 4.3 ሊትር ውሃ ይቀበላል። ከዚህ ውስጥ ቀዝቃዛ እያለ 1.3 ስታደርጉት 1.2 ሊትር ያህል ቀድሞ ገብቷል። የቀረው 3.1 ሊትር ነው። 240 ሊትር ውሃ ደግሞ 3.1 ሊትር የሚጨምረው 52 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው።

ያየሽው በትክክል ይህን ነው። ታንኩ አሁን ጤነኛ ነው፣ አነሰ እንጂ።

የሮቢት_ልጅ
ታዲያ 55 ዲግሪ ላይ ቢቆለፍስ? ቴርሞስታቱ 50 ላይ ይሁንና ይብቃ። ያ የኮምቦልቻው ልጅ ያለው ትክክል ነበር ማለት ነው 😂

አባ_ሳራቺኔስካ
ለጊዜው ያስኬዳል፣ አልዋሽም። ታንክ እስኪመጣ ድረስ 45 ላይ አድርጊው። ጠብታው ይቆማል፣ ራዲያተሮቹም ለብ ይላሉ። ደሴ ሌሊት ላይ ግን በለብታ አይታደርም፣ በተለይ ከጦሳ የሚወርደው ንፋስ ሲነሳ።

ዘላቂው መፍትሔ ሁለተኛ ታንክ መጨመር ነው። የቦይለሩ ታንክ ባለበት ይቆይ፣ ውጭ ሌላ ይገጠም። ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፣ የሁለቱም አየር እኩል 1 ባር ይሁን።

የልኬት_ወዳጅ
መጠኑን ላስላው። 6.1 ሊትር መስፊያ፣ 3 ሊትር መጠባበቂያ፣ ድምሩ 9.1። ሴፍቲ ቫልቩ ጋ ሳንጠጋ 2.5 ባር ላይ ብንቆም ታንኩ የሚቀበለው የሆዱን 46 በመቶ ነው። 9.1ን በ0.46 ስናካፍል 20 ሊትር ይመጣል። 8 ስላለ ቢያንስ 12 ይጎድላል። እኔ ብሆን ግን 24 ሊትሩን እገዛ ነበር። የዋጋ ልዩነቱ ብዙ አይደለም፣ ታንክ ትልቅ ቢሆን ጉዳት የለውም። ያኔ 75 ዲግሪ ላይ ጌጁ 1.9 አካባቢ ይቆማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሱቅ ስትገዢ ታንኩ ላይ 1.5 ባር ተብሎ ይጻፋል። ፋብሪካው ያለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከሆነ ያው ታንክ ደሴ ሲደርስ ጌጅ ላይ 1.75 ሊያሳይ ይችላል፣ የውጭው አየር ስለቀለለ። ምንም አልጨመረም፣ ግን ለአንቺ ብዙ ነው። ከመግጠምሽ በፊት አስተንፍሺውና 1 ላይ አድርሺው።

ቅዝቃዜ_ሰለቸኝ
ይሄ ሰውዬ የፊዚክስ አስተማሪ ነው መሰለኝ። እኔ ግን ገባኝ ወላሂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሀረጎ_ቁልቁለት
ጋሼ የኔን ግን ማንም አልመለሰልኝም። የሻወሬ ቦይለርስ?

አባ_ሳራቺኔስካ
ያንተ ሌላ ነው ልጄ። የሻወር ቦይለር ስር ያለችው ቫልቭ ሁለት ሥራ አላት። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትዘጋለች፣ ግፊት ሲበዛ ደግሞ ትከፍታለች። እሷ አብዛኛውን ጊዜ 8 ባር አካባቢ ናት እንጂ 3 አይደለችም። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ሲሞቅ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ መመለሻ ስለሌለው በእሷ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ሲሞቅ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ በሽታ አይደለም። ቱቦ አድርገህ ወደ ፍሳሹ ምራው፣ አትዝጋው። ቀዝቃዛ ሆኖም ሌት ተቀን ከተንጠባጠበ ወይ ቫልቩ ቆሻሻ ይዟል ወይ የሰፈሩ ውሃ ግፊት በዝቷል።

ሆጤ_ፔንሲዮን
24 ሊትር ታንክ አገኘን። ከአዲስ አበባ አስመጣነው፣ እዚህ ሱቅ ያለው የውሃ ፓምፕ ታንክ ብቻ ነበር፣ ሰማያዊው። ሻጩ «ያው ነው» ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን ፈራሁ። ሳንገጥመው ስንለካው 1.7 አነበበ! የልኬት ወዳጅ እጅህ ይባረክ። አስተንፍሰን 1 አደረግነው።

አሁን የት ነው የሚገጠመው? ልጁ ቦታ ስላለ በመውጫው፣ በሙቁ ቧንቧ ላይ፣ ከፓምፑ በኋላ ላድርገው ይላል።

አባ_ሳራቺኔስካ
አይሆንም። በመመለሻው ላይ ይሁን፣ ውሃው ከራዲያተሮች ቀዝቅዞ ወደ ቦይለሩ በሚገባበት፣ ከፓምፑ በፊት። በዚያ በኩል ጎማው ብዙ ሙቀት አያገኘውም፣ ዕድሜው ይረዝማል። ሁለተኛው ምክንያት ፓምፑ ነው። ታንኩ ከፓምፑ በፊት ሲሆን ፓምፑ የሚጨምረው ግፊት ሁሉ ወደ ፊት ወደ ራዲያተሮቹ ይሄዳል። ከፓምፑ በኋላ ብታደርጊው ፓምፑ ከኋላው ይስባል፣ ላይኛው ፎቅም በማስተንፈሻ አየር ሊያስገባ ይችላል።

በታንኩና በመስመሩ መሃል ሳራቺኔስካ አድርጉ፣ ወደፊት ለመፈተሽ ይጠቅማል። ግን እጀታውን ፍቱና አስቀምጡት። አንድ ቦታ ተጠርቼ ሄጄ ታንኩም አየሩም ደህና ሆኖ ሳራቺኔስካው ተዘግቶ አግኝቻለሁ። የጽዳት ሠራተኛ ናት የዘጋችው፣ ውሃ የሚያፈስ መስሏት።

ሰማያዊውን አለመግዛትሽ ጥሩ ነው። እሱ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው።

የሮቢት_ልጅ
ሰማያዊውን ብዙ ቦታ ገጥመው አይቻለሁ ግን፣ ይሠራል።

አባ_ሳራቺኔስካ
ይሠራል፣ እስከ መቼ ነው ጥያቄው። ጎማው ለ80 ዲግሪ ካልተሠራ ቶሎ ይደርቃል። ታርጋው ላይ ያለውን የሙቀት ልክ አንብብ።

ሆጤ_ፔንሲዮን
ተገጠመ! በመመለሻው ላይ። ውሃ ሞልተን 1.3፣ ራዲያተሮቹን ሁሉ አስተነፈስን፣ እንደገና 1.3 አደረስነው። 75 ዲግሪ ላይ ጌጁ 1.9 ላይ ቆመ። ሲቀዘቅዝ ወደ 1.3 ተመለሰ።

ግን ሴፍቲ ቫልቩ አሁንም አልፎ አልፎ ጠብ ይላል። በ1.9! አዲስ እኮ ነው።

አባ_ሳራቺኔስካ
ስንት ጊዜ ከፍቶ ዘግቷል በዚህ ሁሉ መሃል። ያ ጥቁር ውሃ ዝገት ይዞ ሲያልፍበት መቀመጫው ላይ አንዲት ፍርፋሪ ቀርታ ይሆናል። ቀዝቃዛ እያለ ቀዩን እጀታ አንዴ አዙሪውና ለአፍታ ውሃ ይልቀቅ፣ ይታጠባል። ከዚያም ካላቆመ ቀይሩት፣ በዚያው ባለ 3 ባር። መውጫው ላይ ደግሞ ወደ ፍሳሽ የሚወርድ የብረት ቱቦ ይኑረው። የውሃ ጠርሙስ ከስሩ አስራችሁ እንዳትተዉት፣ የፈላ ውሃ ነው የሚወጣው።

ሆጤ_ፔንሲዮን
አጥበነው ቆመ 🙏

አሁን የቀረችኝ አንዲት ነገር አለች፣ መጀመሪያ ችላ ያልኳት። ቦይለሩ ጠፍቶ ባደረበት ሌሊትም አንዳንዴ ጌጁ ጠዋት 1.3 መሆን ሲገባው 1.7፣ 1.8 ሆኖ አገኘዋለሁ። ሁልጊዜ አይደለም። ወንድሜ «የከተማው ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ነው» ይላል።

የልኬት_ወዳጅ
ወንድምሽ አስተዋይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አይሰፋም። ሳይሞቅ ግፊት ከጨመረ ከውጭ ውሃ እየገባ ነው። ታንኩ አሁን ትልቅ ስለሆነ ብዙ ካልገባ በቀር ጌጁ እንዲህ አይወጣም። ከ1.3 ወደ 1.8 ለመድረስ ከአምስት ሊትር በላይ ገብቷል ማለት ነው።

መጠርጠር ያለበት የመሙያው ሳራቺኔስካ ነው። በደንብ አይዘጋም። ውሃ ሲመጣ ሾልኮ ይገባል።

አባ_ሳራቺኔስካ
ያ አንዱ ነው። ሌላ አለ። የሻወር ውሃ በዚሁ ቦይለር ነው የሚሞቀው? ትልቅ ታንክ ውስጥ ጥቅል ቧንቧ ገብቶ ከሆነ፣ ያ ጥቅል ቢሸነቆር የሻወሩ ውሃ ወደ ራዲያተሩ መስመር ይገባል። ውጤቱ አንድ ነው።

ሆጤ_ፔንሲዮን
አዎ ጋሼ፣ 200 ሊትር ታንክ አለ፣ በዚሁ ቦይለር የሚሞቅ። ወይ ጉድ።

አባ_ሳራቺኔስካ
አትደንግጪ፣ መለየት ይቻላል። መጀመሪያ የመሙያውን ቱቦ ፍቺው፣ ሁለቱንም ጫፍ። ከከተማው ውሃ ጋር ምንም ግንኙነት እንዳይኖር። ሁልጊዜም እንዲህ መሆን አለበት፣ ቱቦው ለመሙያ ጊዜ ብቻ ነው የሚገናኘው። ከዚያ ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት ጠብቂ። ጌጁ ካልተነሳ ሳራቺኔስካው ነበር። ከተነሳ ጥቅሉ ነው።

ጥቅሉ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አለ። የ200 ሊትሩን ቀዝቃዛ መግቢያ ዝጊ፣ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፍት አድርገሽ ቦይለሩም ጠፍቶ ይደር። ያኔ ግፊቱ በተቃራኒው ከመስመሩ ወደ ታንኩ ይሄዳልና ጌጁ ይወርዳል።

የሮቢት_ልጅ
እኔ በመሙያው ሳራቺኔስካ ነው የምወራረደው።

የልኬት_ወዳጅ
እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ያቺ ሻወር ታንክ ስንት ዓመቷ ነው? ውስጧ ያለው፣ ከዝገት የሚጠብቃት የማግኒዚየም ዘንግ ተቀይሮ ያውቃል?

ሆጤ_ፔንሲዮን
ዘንግ መኖሩንም አሁን ነው የሰማሁት። ታንኳ ከቦይለሩ ጋር የገባች ናት።

ቱቦውን ፈታነው፣ ሁለቱንም ጫፍ በታፓ ዘጋን። ዛሬ ጠዋት 1.3። ግን በዚህ ሳምንት ውሃ አልመጣም፣ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው፣ ስለዚህ ምንም አይነግረንም አይደል?

አባ_ሳራቺኔስካ
አይነግርም። ሮቶው ጣሪያ ላይ ያለ ነው፣ ግፊቱ ከ1.3 አይበልጥም፣ ጥቅሉ ቢሸነቆርም ሊያስገባ አይችልም። እንዲያውም ትንሽ ብትወርድ እሱንም ጻፊ። የከተማው ውሃ ሲመጣ ማታና ጠዋት ጌጁን አንብበሽ እዚሁ ጻፊልን።

ሀረጎ_ቁልቁለት
ጋሼ የኔ ቀዝቃዛም ሆኖ ይንጠባጠባል፣ አሁን አየሁት። ሌሊት ብቻ ግን። ቀን የለም።

አባ_ሳራቺኔስካ
ሌሊት ሰው ስለማይጠቀም የሰፈሩ መስመር ግፊት ይጨምራል። ከቆጣሪህ በኋላ የግፊት መቀነሻ አለ? ከሌለ ጌጅ ገዝተህ አንድ ሌሊት ቧንቧህ ላይ አስረህ ተወው።